መጀመሪያ ርዕሱን ስጡኝ

ምስልን በኤአይ አሠርቶ ፖስተር ማዘጋጀት የአዘቦት ሥራ ከሆነ ወዲህ፣ በዲዛይነሮች ዘንድ አንድ ቅደም ተከተል እንደ ደንብ ጸንቷል። መጀመሪያ የሚያምር ምስል ይወጣል። ለጽሑፍ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዲገኝ ትእዛዙ ላይ copy space የምትል ሐረግ ትጨመራለች። ከዚያ ምስሉ ፎቶሾፕ ውስጥ ይገባና ርዕሱ ክፍት ሆኖ የተገኘው ቦታ ላይ ያርፋል። አልነበብ ካለ ከሥሩ ጥቁር ጥላ ይደረግለታል። ጥላው ካልበቃ ሳጥን ይሠራለታል። ሳጥኑም ካልበቃ ፊደሉ እንዲያንስ ይደረጋል። ምስሉና ርዕሱ በተጋጩ ቁጥር የሚሸነፈው ርዕሱ ነው፤ ፖስተሩ የተሠራው ግን ለርዕሱ ነበር።

ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ክፍት ቦታው መለካት ያለበት ከርዕሱ ተነሥቶ ነው፤ መለካት ያለበትም ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ርዕሱን ሳያውቅ ምስል የሚያወጣ ዲዛይነር ለጽሑፍ ቦታ ተውሁ ቢልም፣ የተወው ቦታ ለየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማየት አይከብድም። የጋዜጣና የመጽሔት ዲዛይነር ለረጅም ዘመን የሠራው አስቀድሞ ከተነሣ ፎቶ ጋር ነው። ፎቶ አንሺው ሰልፈኛውን ወይም ጎርፉን «ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በልልኝ» ሊለው አይችልም። ስለዚህ ዲዛይነሩ የመጣለትን ምስል ተቀብሎ ርዕሱን የሚያሳርፍበት ማእዘን ይፈልጋል፤ ጥላውም ሳጥኑም ከዚያ ችግር የተወለዱ መላዎች ናቸው። እንደ ጌቲ ያሉ የፎቶ መሸጫዎች copy spaceን መፈለጊያ ቃል ያደረጉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጩ ገዢው ምን ሊጽፍ እንዳሰበ አያውቅም፤ በግምት አንዱን ጎን ባዶ አድርጎ ያነሣና ገዢው እንደሚሆነው ያደርገዋል። የሚመነጭ ምስል ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ሰማዩ ይስፋ ቢባል ይሰፋል፤ ልጅቷ ወደ ታች ትውረድ ቢባል ትወርዳለች። ግዴታው በሌለበት ቦታ የግዴታውን መላ ይዞ መቀጠል ጥበብ ሊባል አይችልም።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ እንየው። የክረምት መጻሕፍት አውደ ርዕይ የሚያስተዋውቅ የኤ3 ፖስተር ይሠራ እንበል። ወረቀቱ ስፋቱ 297፣ ቁመቱ 420 ሚሊ ሜትር ነው። ርዕሱ «የክረምት መጻሕፍት አውደ ርዕይ» ይላል። ምስሉ ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የምታነብ ልጅ፣ ከበስተኋላዋም ዝናብ ያረገዘ ሰማይ አለ። ፖስተሩ የሚለጠፈው ካፌ ግድግዳና የትምህርት ቤት በር ላይ ስለሆነ፣ 3 ሜትር ያህል ርቆ የሚያልፍ ሰው ሳይቆም እንዲያነበው ይፈለጋል።

በሰሌዳ ጽሑፍ ሥራ የቆየ ልምድ አለ፦ በ3 ሜትር ርቀት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ፊደል ያለ ጭንቀት ይነበባል። ከዚህ እንነሣ። በደማቅ የግዕዝ ፎንት፣ ለምሳሌ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ፣ የአንድ ፊደል ስፋት ከቁመቱ ብዙ አይርቅም። እንደ «ጨ» ሰፋ የሚሉ፣ እንደ «ነ» ጠበብ የሚሉ አሉ፤ ለግምት ግን አንዱን ፊደል ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማእዘን አድርጎ መያዝ ይበቃል። «የክረምት» አምስት ፊደል ነው፤ 125 ሚሊ ሜትር። «መጻሕፍት»ም አምስት ነው፤ ሌላ 125። ሁለቱን ከነክፍተታቸው በአንድ መስመር ብናሰልፍ 275 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ወረቀቱ ከግራና ከቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ሲቀነስለት የሚተርፈው 267 ነው። አልገባም። ስለዚህ ርዕሱ በሦስት መስመር ይወርዳል፦ የክረምት፣ መጻሕፍት፣ አውደ ርዕይ። ሦስተኛው መስመር ስድስት ፊደልና አንድ ክፍተት ስላለው ከሁሉም ይረዝማል፤ 175 ሚሊ ሜትር ያህል።

ቁመቱን ደግሞ እንይ። የላቲን ፊደል ትንሹና ትልቁ፣ ሽቅብ የወጣውና ቁልቁል የወረደው ተቀላቅሎ ስለሚሄድ መስመሮቹ መካከል በራሱ አየር ይገባል። የግዕዝ ፊደል ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ቁመት ተሰልፎ ይቆማል፤ መስመሮቹ ከተጠጋጉ ርዕሱ አንድ ጥቁር ክምር ይመስላል። ከአንዱ መስመር እግር እስከ ቀጣዩ መስመር እግር የፊደሉን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ መስጠት ያስፈልጋል፤ 37.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ሦስት መስመር በዚህ ሲሰላ 100 ሚሊ ሜትር ይቆማል። ምስሉ ፊደሉን እንዳይነካው በአራቱም ጎን አንዳንድ የፊደል ቁመት ስንጨምር የሚያስፈልገን ጸጥ ያለ ቦታ 225 በ150 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገኛል። የወረቀቱ ስፋት ሦስት አራተኛ፣ የቁመቱም ከሲሶ ትንሽ የሚበልጥ ነው።

አሁን ይህን ከተለመደው ምክር ጋር እናስተያይ። በየሥልጠናው የሚሰጠው ምክር «ምስሉን በሦስት ክፈል፣ ሰውየውን አንዱ ጎን አድርግ፣ ሌላውን ሲሶ ባዶ ተው» የሚል ነው። በእኛ ወረቀት አንድ ሲሶ 99 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኅዳጉ ሲነሣለት 84 ይቀራል። አምስት ፊደል ያለው «መጻሕፍት» እዚያ ውስጥ እንዲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 17 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ለሦስት ሜትር የታሰበው ርዕስ ለሁለት ሜትር ብቻ የሚሆን ሆነ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ቃሉ አጭር ስለሆነ ነው። የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለበት የሚረዝም ነው፤ ርዕሱ ውስጥ «ለተፈናቃዮቻችን» የሚል ቃል ቢኖር ዘጠኝ ፊደል ነው፤ በዚያች ሲሶ ውስጥ አንዱ ፊደል 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የብራና ጸሐፊዎች መስመሩ ሲያልቅባቸው ቃሉን ከመካከሉ ቆርጠው ቀሪውን ወደ ታች ያወርዱት ነበር። ለፖስተር ርዕስ ግን እንዲህ ያለ መቁረጥ ዓይን ያደናቅፋል። ስለዚህ የክፍት ቦታውን ስፋት የሚወስነው ረጅሙ ቃል ነው። ቁመቱን የሚወስነው የመስመሩ ብዛት ነው። የሦስት ክፍል ደንቡ ከሁለቱ አንዱንም አይጠይቅም፤ እንደ እኔ ቁመቱ በቆመ ወረቀት ላይ ለሚጻፍ የአማርኛ ርዕስ ከጎን የሚተው ባዶ ቦታ ሊረሳ የሚገባው ነገር ነው። ቦታው ከላይ ወይም ከታች፣ ከዳር እስከ ዳር መሆን አለበት።

በዚህ አሠራር ፎቶሾፑ ከምስል አመንጪው ቀድሞ ይከፈታል። ማተሚያ ቤቱ ሲቆርጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ ተጨምሮበት 303 በ426 የሆነ ገጽ ይዘረጋል። ርዕሱ በእውነተኛው ፎንትና በእውነተኛው መጠን ይጻፋል፤ ከበስተኋላው 225 በ150 የሆነ ግራጫ ሳጥን ከላይ ይቀመጣል። ቀኑና ቦታው ከታች 40 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። ለልጅቷ፣ ለበረንዳዋና ለጣራዎቹ የቀረው 230 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ምን ዓይነት ምስል እንደምንፈልግ እናውቃለን፤ ከዚህ በፊት የምናውቀው ምስሉ እንዲያምር መፈለጋችንን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ትእዛዙ ነው። እዚህ ላይ copy space የምትለዋ ሐረግ ከምትጠቅመው ይልቅ የምታስቸግረው ይበዛል። ምስል አመንጪው የተማረው ከምስልና ከመግለጫው ነው፤ መግለጫ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚጽፈው ምስሉ ላይ ያለውን ነገር ነው። ድመት አለ ይላል፣ ጠረጴዛ አለ ይላል፤ «ከቀኝ በኩል ምንም የለም» ብሎ የሚጽፍ እምብዛም የለም። ባዶነትን በስሙ ስንጠራለት ፕሮግራሙ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። «ለርዕስ የሚሆን ቦታ» ወይም «ፖስተር» ስንለው ደግሞ የሚያውቀው ነገር ፊደል ያለበት ወረቀት ስለሆነ፣ ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ጭረት እዚያው ባዶ ይሁን ባልነው ቦታ ላይ ይጽፍልናል። መፍትሔው ባዶውን ቦታ አንድ ነገር አድርጎ መጥራት ነው፤ ሰማይ፣ ልስን ግድግዳ፣ ጭጋግ፣ የጠረጴዛ ልብስ። ሰማይን ያውቀዋል። ጠፍጣፋና ደብዘዝ ያለ የክረምት ሰማይን ደግሞ ደህና አድርጎ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ችግር መጠንና ቦታ ነው። ሰው ፎቶ ሲያነሣ የሚያነሣውን ነገር መካከል ላይ ያደርጋል፣ ይጠጋዋልም፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ስለተማረ ልጅቷን መካከል ላይ ትልቅ አድርጎ ያመጣታል። «የላይኛው 36 በመቶ ባዶ ይሁን» ቢባል መለኪያ የለውም። የሚታዘዘው ቦታውን በሚገባው ነገር ስናስርለት ነው፤ ጣራዎቹ ከታች ጥግ፣ ልጅቷ ትንሽ ሆና፣ ሰማዩ የላይኛውን ግማሽ ሞልቶ። ከሚያስፈልገን በላይ መጠየቅም ብልኅነት ነው፤ ግማሽ ሰማይ የተባለው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ይመጣል። ሚድጆርኒ ላይ ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
a girl reading on a balcony, small in the frame,
low rooftops at the very bottom, flat pale overcast
sky filling the upper half, soft even light
--ar 5:7 --no text, letters, birds
```

5:7 የተመረጠው ከገጻችን ጋር ስለሚቀራረብ ነው፤ ገጹን ሲሞላ ከጎን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይቆረጣል። «birds» ከእገዳው ውስጥ የገባችው ያለ ነገር አይደለም። ሰፊ ሰማይ የተሰጠው ምስል አመንጪ ወፍ ያበርርበታል። ወፉ ከሌለ የመብራት ምሰሶ ያቆማል።

ትእዛዙ አልበቃ ካለ ፎቶሾፕ ላይ ያለው ግራጫ ሳጥን ራሱ ይሠራል። ገጹን በሦስት ቀለም መለቅለቅ ይበቃል፦ ከላይ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ከታች ጠቆር ያለ የጣራ መስመር፣ ልጅቷ ያለችበት ቦታ አንድ ነጠብጣብ። ይህን እንደ መነሻ ምስል ለስቴብል ዲፊውዥን ሰጥቶ የመለወጫ ኃይሉን ከ0.6 እስከ 0.75 ባለው መካከል መሞከር ነው። ከዚያ በጣም ሲያንስ ውጤቱ ልቅለቃው ራሱ ሆኖ ይቀራል፤ በጣም ሲበዛ ደግሞ ልቅለቃውን ረስቶ ልጅቷን መካከል ላይ ይመልሳታል።

አሁን ሰፊ ሰማይ ያለው ምስል መጣ እንበል። ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለማ! የአንባቢ ዓይን ግን ባዶ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሚፈልገው ብርሃኑ ከጥግ እስከ ጥግ ብዙ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ ትልቅ ፊደል ከበስተኋላው ጋር ቢያንስ 3 ለ1 የብርሃን ንፅፅር እንዲኖረው ይጠይቃል። መመሪያው ለስክሪን የወጣ ነው፤ ለኅትመትም እንደ መነሻ ያገለግላል። በ0 እና በ255 መካከል በሚለካው የብርሃን መጠን፣ ወጥ የሆነ ግራጫ የትኛውም ይሁን ወይ ነጭ ፊደል ወይ ጥቁር ፊደል ከ4.5 ለ1 የማያንስ ንፅፅር ያገኝበታል። ወጥ ግራጫ ችግር የለበትም ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰማዩ አንዱ ጥግ ላይ 70፣ ሌላው ጥግ ላይ 180 ሲሆን ነው። 180 ላይ ያረፈ ነጭ ፊደል 2.1 ለ1 ገደማ ብቻ ያገኛል፤ 70 ላይ ያረፈ ጥቁር ፊደል 2.2 ለ1። ሁለቱም ወደቁ። ሰማዩ ላይ ወፍ የለም፣ ምሰሶ የለም፤ ግን ርዕሱን ከዳር እስከ ዳር የሚችል ቀለም አልተገኘም።

ይህ ዓይነቱ ሰማይ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያዎቹን የስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች የመረመሩ ሰዎች፣ ፕሮግራሙ በጣም ብሩህ ወይም በጣም ጨለማ ምስል ማውጣት እንደሚያቅተው አሳይተው ነበር። ሲሠለጥን ምስሉ በጫጫታ ሙሉ በሙሉ ስለማይሸፈን፣ የጠቅላላ ብርሃኑ መጠን ከሥር ይታየው ነበር፤ እሱን መገመት ስላልተማረ ሁሉንም ወደ መካከለኛው ይስባል። ነጭ ሰማይ ስጠኝ ሲባል ሚዛኑን ለመጠበቅ ጥቁር ደመና ያመጣል። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ይህን በአብዛኛው አርመውታል፤ ግን ማንኛውም ሞዴል «ድራማዊ» ወይም «ሲኒማዊ» የምትል ቃል ሲሰማ ያንኑ ጥቁርና ነጭ ደመና ይዞ ይመጣል። ርዕስ ለሚያርፍበት ምስል እነዚያን ሁለት ቃላት ከትእዛዙ አወጣቸዋለሁ።

በዓይን መፍረድ አስቸጋሪ ስለሆነ መፈተሻ ያስፈልጋል፤ ፎቶሾፕ ላይ Threshold የሚባለው ማስተካከያ ሌየር ለዚህ ይበቃል። ነጭ ርዕስ ካሰብን ቁጥሩን 148 ላይ አድርጎ የርዕሱን ቦታ ማየት ነው፤ እዚያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የወጣ ነጥብ ሁሉ ፊደሉን የሚውጥ ቦታ ነው። ጥቁር ርዕስ ካሰብን ቁጥሩ 90 ይሆናል፤ ጥቁር ሆኖ የወጣው ቦታ ይወድቃል። ዘዴው ለግራጫና ለደብዛዛ ሰማይ ጥሩ ይሠራል፤ ደማቅ ቀለም ባለበት ቦታ ግን ግምት ብቻ ነው። ከታየ በኋላ ሌየሩ ይጠፋል። ሥራው የደቂቃ ነው፤ ስለዚህ «ጊዜ የለንም» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ከብርሃኑ ቀጥሎ የዝርዝሩ መጠን ይመጣል፤ ለእኛ ፊደል ደግሞ ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። «ለ»ን ከ«ሉ» እና ከ«ሊ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» እና ከ«ቢ» የሚለያቸው ከጎን ወይም ከእግር የተቀጠለች አንዲት አጭር ጭረት ናት። በ25 ሚሊ ሜትር ፊደል ላይ ያች ጭረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። እንግዲህ ከበስተኋላ ያለው ነገር ውፍረቱ ከእሷ ጋር ሲቀራረብ አደጋ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍን ለስላሳ ደመና ፊደሉን አይነካውም። የቅጠል ጫፍ፣ የዝናብ ጠብታ፣ የመብራት ሽቦ ግን ከጭረቷ ጋር ይማታሉ፤ አንባቢው ያልተጻፈ ፊደል ያነባል ወይም የተጻፈውን ያጣል። የአዲስ አበባን ሰፈር ስጠኝ የተባለ ፕሮግራም ሽቦ መዘርጋቱ አይቀርም፤ ለእውነታው ታማኝ መሆኑ ነው፣ ለርዕሱ ግን ጠላት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነ፣ ሰፊ ደመና ያለውን ሰማይ ተቀብዬ አንዲት ሽቦ ያለችበትን ንጹሕ ሰማይ እመልሳለሁ።

ተቃራኒዎቼ መልስ አላቸው፤ ከሁሉም የጠነከረው ጥላው ይሠራል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በቁጥር ይሠራል። ከ70 እስከ 180 የሚለዋወጠው ሰማይ ላይ 60 በመቶ ጥቁር ቢጫንበት ከ28 እስከ 72 ይሆናል፤ ነጭ ፊደል በየትኛውም ጥግ ከ9 ለ1 በላይ ያገኛል። የማይሠራው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ የቀን ብርሃን ላይ ተቀምጣለች፤ ከእሷ በላይ ያለው ሰማይ ግን መሽቷል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባይናገረውም የሆነ ነገር እንደተሸፈነ ያየዋል። ሰማዩ ጠቆር እንዲል ከተፈለገ ከመነሻው የማታ ሰማይ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ያኔ በልጅቷ ፊትም ላይ የማታ ብርሃን ያርፍ ነበር። ጥላው የዜና ፎቶ ላይ፣ ሰዓት በሚያስቸኩልበት የዩቲዩብ ቴምብኔል ላይ ቦታ አለው። በትእዛዝ ለሚወጣ ምስል ግን ገና ሳይሠራ የታሰበለት ምርኩዝ ነው።

ሁለተኛው መልስ «አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ርዕሱን ይጽፈዋል፤ ቦታ መተው ያለፈበት ነገር ነው» ይላል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደል ደህና እንደሚጽፉ አይካድም። በግዕዝ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሩቅ አማርኛ የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን የማይነበብ ነገር ነው። ነገ አርመውት ሙሉ በሙሉ በትክክል ይጻፍ እንበልና እንኳ ክርክሩ አይፈርስም። ምስል ውስጥ የተጋገረ ርዕስ የምስሉን ጥራት ይከተላል፤ ኤ3 በ300 ዲፒአይ ሲታተም 3508 በ4961 ፒክስል ይፈልጋል፣ ከምስል አመንጪ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ተለጥጦ ነው የሚታተመው። ደመና ቢለጠጥ ማንም አያውቅበትም፤ የፊደል ጠርዝ ሲለጠጥ ግን ይደበዝዛል። ፎቶሾፕ ላይ የተጻፈ ርዕስ ወደ ፒክስል እስካልተለወጠ ድረስ በማንኛውም መጠን ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይታተማል። ደግሞም አዘጋጁ ዋዜማው ላይ ርዕሱን «የክረምት የመጻሕፍት ሳምንት» አድርጉልኝ ሊል ይችላል፤ ይላልም።

ሦስተኛው ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ምስሉ ከወጣ በኋላ ሸራውን ወደ ላይ አስፍቶ ሰማዩን በፎቶሾፕ ማስቀጠል ጥሩ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰፋውን መጠን የሚወስነው ቀድሞ የተዘረጋው ገጽ ነው። የሚሠራው ግን የምስሉ የላይ ጠርዝ አስቀድሞ ጸጥ ያለ ሲሆን ነው። ጠርዙ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ፕሮግራሙ ቅርንጫፉን ያሳድገዋል፣ ያፈራበታልም። ከማስፋቱ በፊት ጠርዙን ማየት፣ ካስፈለገም ቅርንጫፉን ቆርጦ ማስወጣት ነው።

ስለ ባዶ ቦታ ሲወራ አንድ ማስታወቂያ መጠቀሱ አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በዲዲቢ የተሠራው የቮልስዋገን «ትንሽ አስቡ» ነው። ሄልሙት ክሮን ትንሿን መኪና ሰፊ ነጭ ገጽ ላይ ከላይ በግራ በኩል አስቀመጣት፣ ጽሑፉን ደግሞ ጁሊያን ኮኒግ ጻፈው። ለጽሑፍ ባዶ ቦታ መተውን ለማስተማር ይህን ማስታወቂያ የሚያሳዩ ሰዎች አንድ ነገር ሳያስተውሉ ያልፋሉ፤ ርዕሱ ባዶው ላይ አልተጻፈም። ምስሉ ካለቀ በኋላ፣ ከሥሩ፣ በራሱ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ባዶው የተተወው መኪናዋ ትንሽ እንድትመስል ነው፤ ሥራው ትርጉም መስጠት ነበር። ለርዕስ የሚተው ቦታና ለትርጉም የሚተው ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ስም መጠየቅ ሁለቱንም ያሳጣል።

ክሮን ያደረገው ለእኛም ይጠቅመናል፤ በተለይ ለመሥሪያ ቤት ርዕስ። ዓመተ ምህረቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስምና «በሚል መሪ ቃል» የሚለውን ጨምሮ አሥራ አምስት ቃል የሚሆን ርዕስ የያዘ ደንበኛ ሲመጣ፣ ሰማዩ ምንም ያህል ይስፋ አይበቃም። ያኔ ርዕሱን ምስል ላይ ለማሳረፍ መታገል ትርጉም የለውም። ገጹን ለሁለት ከፍሎ የላይኛውን ለወጥ ቀለም፣ የታችኛውን ለምስሉ መስጠት ይሻላል። ምስሉም ያኔ ባዶ ቦታ ስለማይጠየቅበት ልጅቷ ቀርባ፣ ፊቷ እስኪታይ ድረስ ትልቅ ሆና ልትወጣ ትችላለች።

ደንበኛው «ርዕሱን ኋላ እልካለሁ፣ እስከዚያው ምስሉን ጀምሩት» ሲልስ? ይላል፤ የሚልበትም ጊዜ ብዙ ነው። በባዶ እጅ ግን አልጀምርም። በሰባት ፊደል ቃል የተሠራ ሦስት መስመር የውሸት ርዕስ ገጹ ላይ ጽፌ፣ ሳጥኑን ከዚያ ለክቼ፣ ለደንበኛው ከነግራጫ ሳጥኑ እልክለታለሁ፤ ርዕስህ ከዚህ አይለፍ ብዬ። እውነተኛው ርዕስ አጥሮ ከመጣ ፊደሉን አሳድገዋለሁ። ረዝሞ ከመጣ ሳጥኑ እንደገና ይለካል፣ ሰማዩም እንደገና ይታዘዛል፤ የ25 ሚሊ ሜትሩ ፊደል ግን ባለበት ይቆያል።